ደረቅ ዜናን በተራኪ አፍ ስለ መናገር፤ የመተማው ወሬ ለአብነት

የድርሰት ተለማማጆች አንድን ደረቅ ዜና ወስደው ተራኪ እንደሚናገረው አድርገው እንዲጽፉት፥ ነገር ግን ከእውነቱ ምንም እንዳይነኩ ሲታዘዙ ብዙ ጊዜ ሥራው ቀላል ይመስላቸዋል። እኛም እንዲሁ መስሎን ነበር። ለሙከራ የመረጥነው ስለ መተማ ጦርነት የሚናገረውን አጭር ወሬ ነው። ቦታው ከሱዳን ወሰን ላይ፥ ከገላባት ፊት ለፊት ያለው የምዕራብ ጎንደር ቆላ ሲሆን፥ ከተማው በዚያ በወደቁት ንጉሠ ነገሥት ስም መተማ ዮሐንስ ተብሏል። ነገሩን ሁሉም ሰው ከልጅነቱ ስለሚሰማው፥ በትረካ ጊዜ ማን ምን እንደ ጨመረ ለመመርመር ይመቻል ብለን ነው የመረጥነው።

ዜናውን በሚከተለው መልክ አሳጥረን አስቀመጥነው፦

«መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ተደረገ። ንጉሠ ነገሥት ዮሐንስ ሠራዊታቸውን መርተው በዘኪ ቱማል የሚታዘዘውን የደርቡሽ ምሽግ አጠቁ። የኢትዮጵያ ጦር የምሽጉን አጥር በከፊል ሰበረ፤ ወደ ውስጥም ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቆሰሉ። የመቁሰላቸው ወሬ በተሰማ ጊዜ ሠራዊቱ ወደ ኋላ ተመለሰ። ንጉሠ ነገሥቱ በቁስሉ ምክንያት አረፉ። ደርቡሾች ተከታትለው አስከሬኑን ማረኩ፤ ራሱም ወደ ኦምዱርማን ተላከ።»

ከእኛ መካከል የተጻፈው የመጀመሪያው ትረካ ሲነበብ ጆሮ የሚስብ ነበር። «ፀሓይ ልትጠልቅ አዘቅዝቃ ሳለች፥ አንዲት ጥይት ከእሾኹ ውስጥ ፉጨት አሰምታ መጣች» ይላል። ሁላችንም ደስ አለን። ኋላ ግን ከዜናው ጋር አስተያየነው። ዜናው ሰዓቱን አይናገርም፤ ስለዚህ ፀሓይዋ ከጸሓፊው የመጣች ናት። «አንዲት ጥይት» ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ዜናው «በጥይት» አለ እንጂ አንድ ጊዜ ብቻ ተመቱ አላለም። ተረት አንዲቱን ጥይት ይወዳታል፤ ታላቅ ሰው በአንዲት ነገር ሲወድቅ ማየት ለልብ ይጥማልና። ጸሓፊውም ሐሰት ለመናገር አስቦ አልነበረም፤ ቁጥሯ በቃላቱ ዜማ ተጎትታ ገባች እንጂ።

ሁለተኛው ጥፋት የተደበቀው በግሱ ውስጥ ነው። በአማርኛ «ሠራዊቱ አጥሩን ሰብሮ ሲገባ ንጉሠ ነገሥቱ ቆሰሉ» ብንል፥ «ሲ» የምትባለው ትንሽ ፊደል ሁለቱን ነገሮች በአንድ ቅጽበት ታውላቸዋለች። «አጥሩን ሰብረው ገብተው ቆሰሉ» ብንል ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከአጥሩ ውስጥ ሆነው እንደ ተመቱ ያስመስላል። ዜናው ግን መግባቱን አስቀድሞ መቁሰሉን አስከትሎ ነገረን እንጂ፥ የት ቆመው ሳለ እንደ ተመቱ አልነገረንም። ተራኪ ግሶችን እንደ ዶቃ መሰካት ይወዳል፤ ወርዶ፥ ሰብሮ፥ ገብቶ፥ መትቶ ይላል። ክሩ ራሱ ግን ምክንያትንና ቦታን ሳንፈቅድለት ያስገባል። ስለዚህ ሁለት ነገሮች እንዴት እንደ ተያያዙ ዜናው ካልነገረን፥ በመካከላቸው አራት ነጥብ ማድረግ ግድ ነው።

ሦስተኛው «አሉ» የምትባለዋ ቃል ናት። አያቶቻችን በምድጃ ዳር ሲተርኩ «አሉ» ብለው ነገሩን ከሌላ መስማታቸውን ያሳያሉ፤ ሰሚውም የሰማውን በዚያው ልክ ይመዝነዋል። ዜናን በዚህ ቃል ማስጌጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያላለውን ሰው «አለ» ያሰኛልና። ከተማሪዎቹ አንዱ ንጉሠ ነገሥቱን ቆስለው ሳሉ ሲናገሩ አስደመጠን። ንግግሩ ያምር ነበር፤ በዜናው ውስጥ ግን ንግግር የሚባል ነገር የለም።

ስለ ማክበሪያ አነጋገርም ክርክር ተነሥቶ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱን «ቆሰሉ» እያልን ዘኪ ቱማልን «አዘዘ» ብንለው፥ ገና ምንም ሳንተርክ ሰሚውን በአንድ ወገን አስቀመጥነው ማለት ነው። እውነቱ አልተለወጠም፤ ሚዛኑ ግን አዘነበለ። የኛ አሳብ፥ አማርኛው እንዲህ ስለሆነ የንጉሡን ማክበሪያ መተው አይቻልም፤ ነገር ግን የደርቡሹን አለቃ ጦሩን እንደሚያዝ ሰው በስሙ መጥራት ይበቃል፥ የስድብ ቅጽል መጨመር አያስፈልግም የሚል ነው። በዚህ የማይስማሙ ጓደኞች አሉን።

እንግዲህ የተራኪው ሕይወት ከየት ይመጣል? ሁለት ምንጭ አገኘን። አንደኛው ዘወትር እውነት የሆነ ነገር ነው። መጋቢት በመተማ ቆላ ዝናብ የሌለበት የበጋ ወር እንደ ሆነና ሙቀቱ ብርቱ እንደ ሆነ አገሩን የሚያውቅ ሁሉ ይናገራል፤ ይህን ማለት ወሩን መናገር እንጂ የዚያን ቀን ወሬ መፍጠር አይደለም። ሆኖም «ወታደሩ በጥም ተቃጠለ» ያልን እንደ ሆነ ከወሩ ወደ ሰዎቹ ጕሮሮ ዘለልን፤ ያን ማንም አልነገረንም። ሁለተኛው ምንጭ አቀማመጥ ነው፤ የትኛውን ዐረፍተ ነገር ማሳጠር፥ የትኛውን ማዘግየት፥ የት ላይ ለሰሚው ጥያቄ መተው። በእነዚህ ብቻ የተጻፈው ትረካ ይህ ነው፦

«ወሩ መጋቢት ነው፤ ዓመቱ 1881። በመተማ ቆላ በጋው ገና አላለቀም። ከአጥሩ ወዲያ ዘኪ ቱማል ደርቡሾቹን ይዞ አለ። ከአጥሩ ወዲህ ንጉሠ ነገሥት ዮሐንስ ከነሠራዊታቸው አሉ። ጥቃቱን የጀመረው ከወዲህ ያለው ነው። አጥሩ ተሰበረ፤ ሁሉም አይደለም፥ ከፊሉ። በተሰበረው በኩል ገቡ። አጥር የሰበረ ጦር ድል አድርጎ ይመለሳል እንጂ ወሬ ሰምቶ ይመለሳል ብሎ ማን ያስባል? ይህ ጦር ግን ወሬ ሰምቶ ተመለሰ። ወሬው እንዲህ የሚል ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቆስለዋል። ከዚያም አረፉ። ደርቡሾች ተከተሉ፤ አስከሬኑን ማረኩ። ራሱ ወደ ኦምዱርማን ተላከ።»

ዋናው ለውጥ መቁሰሉን ከመመለሱ በኋላ መናገራችን ነው። የነገሩ ቅደም ተከተል አልተለወጠም፤ ሰሚው የሚያውቅበት ጊዜ ብቻ ተለወጠ። እንዲህ ሲሆን ሰሚው ለጥቂት ጊዜ ጦሩ ለምን እንደ ተመለሰ ሳያውቅ ይቆያል፤ ትረካውንም ያነቃው ይህ አለማወቅ ነው። የመጨረሻዎቹን ዐረፍተ ነገሮች ግን ሆን ብለን እንደ ዜናው ደረቅ አድርገን ተውናቸው። በሬሳ ላይ ቅጽል መደርደር ነውር ነው ብለን ከማሰባችንም በላይ፥ ያን ያህል ከባድ ነገር ሲነገር ዝቅ ያለ ድምፅ ይበልጥ ይሰማል።

ሥራው ትክክል መሆኑን የምናውቅበትን መንገድም ፈልገን ነበር። ትረካውን ዜናውን ላላየ ሰው ሰጥተን፥ «ከዚህ የተረዳኸውን ነገር ብቻ በደረቁ ጻፍልን» አልነው፤ ያን ጊዜ የጻፈውን ከመጀመሪያው ዜና ጋር ማስተያየት ነው። ከመጀመሪያው ትረካ የወጣው ዝርዝር ከዜናው ሁለት ነገር ይበልጥ ነበር፤ የመሸበት ሰዓትና የጥይቷ ቁጥር። ከሁለተኛው የወጣው ሲታይ የተጨመረ ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን አንባቢው ንጉሠ ነገሥቱ ያረፉት ጦሩ ገና ከመተማ ሳይወጣ ነው ብሎ ጽፎ አገኘነው። «ከዚያም» የምትለዋን ቃል እንደ «ወዲያውኑ» ተረድቷት ኖሯል። ቃሊቱን አውጥተን «በዚያው ቁስል አረፉ» ብለን አረምናት፤ ለሌላ አንባቢም ገና አልሰጠነውም።