ጫማው ተሰፋ፤ ሰፊውስ?

ባለፈው እትማችን የወጣው ስለ አያት ጫማ የሚተርከው አጭር ልቦለድ ብዙዎቻችንን አነጋግሯል። እኔም የበኩሌን ልበል።

ታሪኩ ቀላል ነው። ልጁ ከሟች አያቱ ሣጥን ውስጥ ያረጀ የቆዳ ጫማ ያገኛል። ሊጥለው ሲል እናቱ ትቆጣውና ለሰፈሩ ጫማ ሰፊ ይወስደዋል። ሰፊው በትዕግሥት ይሰፋለታል። አለቀ።

ከሁሉ የወደድኩት አንድ ቦታ ነው። ሰፊው ጫማውን ተቀብሎ፣ ምንም ሳይናገር፣ ጣት የሚታጠፍበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ያያል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው እጅ እንዲህ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ደራሲው ቸኩሏል። ሰፊው ወዲያው ወስፌውን ያነሣል፤ ልጁ ሻዩን ሳይጨርስ ጫማው ይደርሳል። ይኼ እንዴት ይሆናል? ለዓመታት ሣጥን ውስጥ የከረመ ቆዳ ይደርቃል። ደረቁን ወግተው ክሩን ሲስቡት ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ እንደ ወረቀት ይተረተራል። ስለዚህ ዐዋቂ ሰፊ መጀመሪያ አቧራውን ያብሳል፤ ቅባት በስሱ ይቀባና ቆዳው እስኪጠጣው ያሳድረዋል። ቶሎ ይድረስ ብሎ እሳት ዳር ቢያስቀምጠው ይብሱን ይሰነጠቃል። በማግስቱ ቀስ ብሎ አጥፎ ይፈትነዋል። ከለሰለሰ አሮጌውን ሶል ያነሣል፤ ክሩን ሰም ቀብቶ በተቻለው መጠን በድሮዎቹ ቀዳዳዎች ይሰፋል፤ አዲስ ቀዳዳ ማብዛት ቆዳውን ያዳክመዋልና። ቆዳው እስከ ውስጥ ከተሰነጠቀ ግን ቅባት አያድነውም፤ ከሥሩ ቁራጭ ቆዳ መደረብ ግድ ነው።

ደራሲው ይህን ቢያውቅ ኖሮ ግጭቱን በእጁ ባገኘው ነበር። «ዛሬ አይደርስም፣ ነገ ና» የምትል አንዲት ቃል የልጁን ችኮላና የቆዳውን ጠባይ ታጋጥም ነበር። እሱ ግን ሰፊውን ግማሽ ገጽ ሙሉ ስለ ዕቃ አያያዝ አስተማረበት። ትዕግሥቱን አወራልን እንጂ አላሳየንም።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ከነከነኝ። አያትየው ስም አላቸው፤ ጫማው እንኳ የተገዛበት ቀን ተጽፎለታል። ሰፊው ግን ስም የለውም። ልጁ ሣንቲሙን ወርውሮለት ይሄዳል፤ ደራሲውም አብሮት ይሄዳል! በአገራችን ቆዳ የሚሠራ ሰው «ፋቂ» እየተባለ ሲናቅ ኖሯል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል፤ ንቀቱ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። ታዲያ የአያቱን ጫማ አክብሮ ጫማውን ያዳነለትን ሰው ቀና ብሎ ያላየ ልጅ ምኑን ተማረ?

ይህ ጥያቄ ታሪኩ ውስጥ አለ። ደራሲው አላየውም እንጂ የተወረወረችው ሣንቲም ይዛዋለች። ወዳጄ፣ ስብከቱን አውጣና ከሣንቲሟ ጀምረህ እንደገና ጻፈው። አንተ ደግሞ ታሳድረው ዘንድ ጊዜ አለህ።