ማብቂያ የሌለው ቅጣት፦ የኦቨርሳይት ቦርድ ውሳኔ ሲመዘን

ኦቨርሳይት ቦርድ የፌስቡክን ውሳኔዎች የሚመረምር አካል ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 2021 በዶናልድ ትራምፕ ገጽ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ የአሜሪካ ፖለቲካ ሰነድ ሆኖ ነው ብዙ የተነበበው። ጭሮ ወይም ገለምሶ ሆኖ በፌስቡክ ልብስ የሚሸጥ ሰው «ገጼ ተዘጋብኝ» ሲል ምን እንደደረሰበት ለመለየት ግን ከፖለቲካው ይልቅ ሰነዱ ስለ ቅጣት ዓይነቶች የሚለው ይጠቅመዋል።

ጃንዋሪ 6 የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንጻ በተወረረበት ዕለት ፌስቡክ የትራምፕን ሁለት መልእክቶች አንስቶ ለ24 ሰዓት እንዳይለጥፉ ከለከላቸው። ይህ ጊዜያዊ ገደብ ነው፤ ሰዓቱ ሲሞላ በራሱ ይነሳል። በማግስቱ ግን ኩባንያው ክልከላውን «ላልተወሰነ ጊዜ» አደረገው። ቦርዱ የነቀፈው ይህንን ነው። ማገዱ ልክ ነበር፣ ነገር ግን በኩባንያው ደንብ ያለው ቀን የተቆረጠለት እገዳ ወይም ለዘለቄታው መዝጋት እንጂ ማብቂያው የማይታወቅ ቅጣት አይደለም አለ። ጉዳዩም በስድስት ወር ውስጥ እንደገና እንዲታይ አዘዘ። ፌስቡክ ጁን 4 ቀን ቅጣቱን ሁለት ዓመት አደረገው፤ ገጹም በ2023 መጀመሪያ ተከፈተ።

ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ ፍጻሜው ግን ደካማ። ቦርዱ ኩባንያውን ከኃላፊነት ሸሽተሃል ብሎ ወቅሶ ሲያበቃ ቅጣቱን ራሱ ሳይወስን መልሶ ለዚያው ኩባንያ ሰጠው። ከዚህም በላይ የሰነዱ ዓይን ያረፈው በታዋቂ ሰው ላይ ስለሆነ ተራው ተጠቃሚ የሚገጥመው እገዳ በውስጡ ብዙም አይታይም።

የልብስ ነጋዴውን እንውሰድ። ከ2023 ወዲህ ባለው የፌስቡክ አሠራር በአብዛኛው የመጀመሪያው ጥፋት ማስጠንቀቂያ፣ ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ያለው በአንዳንድ አገልግሎቶች ላይ ጊዜያዊ ገደብ ያስከትላል፤ ሰባተኛው የአንድ ቀን፣ አሥረኛው የ30 ቀን የመለጠፍ ገደብ ያስከትላል። ገጹ ለደንበኞቹ ይታያል፤ ዝም ብሎ መጠበቅም ይበቃዋል። ሲገባ «We suspended your account» የሚል ካገኘ ግን መጠበቅ ይጎዳዋል። ገጹን ማንም አያየውም፤ ይግባኝ ለማለት 180 ቀን ብቻ አለው። ያ ካለፈ ወይም ይግባኙ ውድቅ ከሆነ ጽሑፉ «We disabled your account» ይሆናል፤ ይህ የመጨረሻው መዘጋት ነው።

በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም በመላ ኢትዮጵያ ለወራት ሲዘጉ አካውንታቸው የጠፋ የመሰላቸው ነበሩ። ያ ከእነዚህ ሦስቱ አንዱም አልነበረም፤ የተዘጋው መንገዱ እንጂ አካውንቱ አይደለም፤ በቪፒኤን የገባ ሰው ገጹን እንደነበረ ያገኘው ነበር።

ስለዚህ ገጽህ ሲዘጋ መጀመሪያ በማያ ገጹ ላይ የተጻፈውን አንብበህ ፎቶ አንሳ። «suspended» የሚል ከሆነ ይግባኙን በዚያው ዕለት አስገባ።