አንድ ኩሽኔታ፣ አራት ስም

6205 የሚባለውን ኩሽኔታ የማያውቅ የጥገና ሠራተኛ አይገኝም። በውሃ ፓምፕ፣ በትንንሽ ሞተር፣ በማጓጓዣ ሮለር ውስጥ አለ። የውስጥ ቀዳዳው 25 ሚሊ ሜትር፣ የውጭ ስፋቱ 52፣ ውፍረቱ 15 ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች በ5 ያባዛ ሰው የቀዳዳውን ልክ ሳይለካ ያገኘዋል። ይህን ያህል ሥርዓት ያለው ዕቃ በአንድ ፋብሪካ መዝገብ ላይ ሁለት ጊዜ ይገባል ብሎ የሚጠረጥር የለም። ግን ይገባል፤ አንዳንዴም አራት ጊዜ።

ጣጣውን የሚያመጡት ከቁጥሩ በኋላ የሚከተሉት ፊደላት ናቸው። በሁለቱም ጎኑ የጎማ መከለያ ያለውን፣ የውስጥ ክፍተቱም ከመደበኛው ሰፋ የሚለውን 6205 ኤስኬኤፍ በካርቶኑ ላይ `6205-2RSH/C3` ብሎ ይጽፈዋል። ኤንኤስኬ `6205DDUC3`፣ ኤንቲኤን `6205LLUC3`፣ ኤፍኤጂ ደግሞ በቆየው ካርቶኑ ላይ `6205-2RSR-C3` ይሉታል። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ካርቶኑ ላይ ያየውን ይጽፋል፤ በዚህ ሊወቀስ አይገባውም። ኮምፒውተሩ ግን የጻፈውን ፈልጎ ሲያጣ አዲስ ኮድ ይከፍታል። ከጥቂት ዓመት በኋላ አንዱ ኮድ ባዶ መሆኑ ይታይና የግዢ ጥያቄ ይወጣል፣ ማሽን ቆሞ ዕቃ ይጠበቃል። በዚያው መደርደሪያ ላይ በሌላ ኮድ የተመዘገቡ ኩሽኔታዎች ደግሞ አቧራ ይጠጣሉ።

ላወራላችሁ የፈለግሁት መዝገብ የአንድ መካከለኛ የምግብ ፋብሪካ ነው። የምትመራው ሴት ከሒሳብ ክፍል የመጣች ናት፤ ኩሽኔታ በእጇ ገጥማ አታውቅም። የሥራዋን ጥራት ለማየት የአንዱን ዕቃ መግለጫ ማንበብ ይበቃል፦

```
BEARING, BALL, DEEP GROOVE; 6205; 25X52X15 MM; 2RS; C3
```

ስሙ ይቀድማል፣ ዓይነቱ ይከተላል፣ ከዚያ ልኩ፣ በመጨረሻም ልዩ ባሕርዩ ይመጣል። የአምራች ስም እዚህ መስመር ላይ የለም፤ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። አራቱ የአምራች ቁጥሮች ከዚህ ኮድ ሥር፣ በሌላ ሠንጠረዥ፣ እያንዳንዳቸው ከአምራቻቸው ጋር ተመዝግበዋል። ፍለጋው ሲካሄድ ሰረዙ፣ እዝባሩና ክፍት ቦታው ሁሉ ይወገዳሉ፤ ስለዚህ `6205-2RSH/C3` ብሎ የጻፈም `6205 2RSH C3` ብሎ የጻፈም ሁለቱም `62052RSHC3` ላይ ይገናኛሉ። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ከአራቱ ካርቶኖች የትኛውን አይቶ ቢጽፍ የሚደርሰው ወደ አንድ ኮድ ነው። አምስተኛ አምራች ሲመጣ አዲስ ኮድ አይከፈትም፤ ከነባሩ ሥር አንድ መስመር ይጨመራል። ያንን መስመር የሚያጸድቀው የጥገና መሐንዲሱ ብቻ ነው፤ ዕቃው ይተካካል ወይስ አይተካካም ብሎ ሊፈርድ የሚችለው እሱ ነውና።

አንድ አምራችን ከሌላው በዋጋ ለይቶ የሚሸጥ የመለዋወጫ ነጋዴ ይህን መንገድ መከተል አይችልም። ለእሱ የጃፓኑና የሌላው አገር ኩሽኔታ ሁለት ዕቃ ናቸው፣ ሁለት ኮድም ይገባቸዋል። እዚህ ግን ዕቃው የሚገዛው ማሽን ውስጥ ሊገባ ነው።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት የመጨረሻውን ክፍል፣ C3ን፣ ነው። ከመደበኛው ሰፋ ያለ ክፍተት የሚፈለገው ሞቆ በሚሠራ ሞተር ላይ ነው፤ የውስጥ ቀለበቱ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ክፍተቱም ይጠብባል። መደበኛ ክፍተት ያለው ኩሽኔታ እዚያ ከገባ ኳሶቹ ይጨናነቃሉ፣ ሙቀቱ ይብሳል፣ ኩሽኔታው ያለ ዕድሜው ይሞታል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ በዓይን መለየት አይቻልም፤ ልዩነታቸው ቀለበቱና ካርቶኑ ላይ ባለው ጽሑፍ ብቻ ነው። መደበኛው ክፍተት CN ይባላል፣ አምራቾች ግን አብዛኛውን ጊዜ ምልክቱን አይጽፉትም። ስለዚህ ባዶ ቦታ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ «መደበኛ ነው» ወይም «መዝጋቢው አላየም»። የዚህ መዝገብ ባለቤት የክፍተቱ ሳጥን ባዶ እንዲታለፍ አትፈቅድም፤ CN ወይም C3 መመረጥ አለበት። «ሁለት ኮድ ቢኖረኝ ገንዘብ ይባክንብኛል፤ ሁለቱን ያለቦታው ባዋህድ ግን ሞተር አቃጥላለሁ» አለችኝ። ድግግሞሽን የሚያጠፋ ሰው ሁሉ ይህን ፍርሃት ቢይዝ መልካም ነበር። የሚመሳሰለውን ሁሉ መጠቅለል ቀላል ነው፤ በላስቲክ የተከለለውን 2RS እና በብረት የተከለለውን 2Z አንድ ላይ የጠቀለሉ መዝገቦች አይቻለሁ።

የደንበኞቹ መዝገብ ሌላ ዓይነት ብልሃት ይጠይቃል፤ የእኛ ስም የአምራች ቁጥር አይደለምና። ፀሐይ ወልደማርያም የምትባል ሱቅ ያላት ደንበኛ አለች እንበል። አንዱ ሻጭ «ወ/ሮ ፀሐይ ወ/ማርያም» ብሎ ይመዘግባታል፣ ሌላው «ጸሀይ ወልደ ማርያም»። ለዓይናችን አንድ ሴት ናት፤ ለኮምፒውተሩ ግን የመጀመሪያው ፊደል እንኳ አይገናኝም። መፍትሔው ከስሙ ኋላ የተደበቀ የመፈለጊያ ቁልፍ ነው፣ አሠራሩም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ማዕረጉ ይነሳል፤ አቶ፣ ወ/ሮ፣ ወ/ሪት። ቀጥሎ ምሕጻሩ ይፈታል፤ ወ/ ወልደ ይሆናል፣ ገ/ ገብረ፣ ኃ/ ኃይለ። ከዚያ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነዘራቸው ይመለሳሉ፤ ሃ፣ ሓና ኃም እንደ ሀ ይቆጠራሉ። በመጨረሻ ክፍት ቦታው ይጠፋል። የሁለቱም አጻጻፍ ቁልፍ «ጸሀይወልደማርያም» ሆኖ ይወጣል።

ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ወዲያው ይታወቃል። ምሕጻሩ ከማዕረጉ በፊት ከተፈታ ወይዘሮዋ «ወልደሮ» ትሆናለች። ተ/ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተክለ ቢሆንም ተስፋ ብለው የሚያሳጥሩበትም አለ፤ ስለዚህ ይህ ምሕጻር ሲመጣ ማሽኑ ራሱ አይፈታውም፣ ሁለቱንም አማራጭ ፈልጎ ለሰው ያቀርባል። በደረሰኝ ላይ የሚወጣው ስም ግን አይነካም። ደንበኛዋ በፀሐዩ ፀ ከጻፈችው በፀሐዩ ፀ ይወጣል።

ቁልፉ መገናኘቱ አንድ ሰው መሆኑን አያረጋግጥም፤ የስምና የአባት ስም ተመሳሳይነት በየገበያው የተለመደ ነው። ፍርዱን የሚሰጠው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ነው። አሥር አኃዝ ነው፤ ዘጠኝ ሆኖ የመጣን ቅጽ መዝገቡ አይቀበልም። ደንበኛዋ ሁለት ሱቅ ካላት ደግሞ ሁለት ደንበኛ አትሆንም፤ በአንድ ኮድ ሥር ሁለት የማስረከቢያ አድራሻ ይከፈትላታል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ድግግሞሽ በስሕተት ይመጣል ብሎ የሚያስብ ነው። ሆን ተብሎ የሚመጣም አለ። ደንበኛዋ የተፈቀደላት የዱቤ ጣሪያ 200,000 ብር ነው እንበል፤ ዕዳዋ 180,000 ደርሷል። አሁን የ45,000 ብር ዕቃ ፈልጋለች፣ ሻጩም የወሩን ግብ መምታት አለበት። በአዲስ አጻጻፍ አዲስ ኮድ ቢከፈት ትዕዛዙ ያለ አንዳች እንቅፋት ያልፋል። ለሒሳብ ክፍል ሁለት ጥሩ ደንበኞች ይታዩታል፤ በእውነት ያለችው ግን 225,000 ብር ያለባት፣ ከጣሪያዋ 25,000 ያለፈች አንዲት ነጋዴ ናት። ይህን የትኛውም የፊደል ቁልፍ ብቻውን አይከላከልም። የሚከላከለው የባለቤትነት ክፍፍሉ ነው። ሻጩ አዲስ ደንበኛ መጠየቅ ይችላል፣ መክፈት ግን አይችልም። ስልኩና የሱቁ አድራሻ የሽያጭ ክፍል ናቸው፤ የመለያ ቁጥሩና የዱቤ ጣሪያው የሒሳብ ክፍል ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ሳጥን ማየት እንጂ መለወጥ አይፈቀድለትም። ባለቤት የሚሾመው ለአንድ ሰነድ ሳይሆን ለአንድ ሳጥን ነው።

በአቅራቢዎች በኩል ጉዳቱ ጸጥ ያለ ነው። ብዙ የሒሳብ ፕሮግራሞች አንድ የደረሰኝ ቁጥር ሁለት ጊዜ ሲገባ ያስጠነቅቃሉ፤ የሚያመሳክሩት ግን በዚያው አቅራቢ ኮድ ውስጥ ነው። አቅራቢው በሁለት ኮድ ከተመዘገበ ያው ደረሰኝ በሁለቱም በኩል ሊከፈል ይችላል፣ ማስጠንቀቂያም አይመጣም። የባንክ ሒሳብ ለውጥ ደግሞ እዚህ ቤት በደብዳቤ ብቻ አይቀየርም። ግዢ ክፍል ይጠይቃል፣ ሒሳብ ክፍል ለአቅራቢው ይደውላል፤ የሚደውለውም በመዝገቡ ላይ በነበረው ስልክ ነው፣ በአዲሱ ደብዳቤ ግርጌ በተጻፈው አይደለም።

ድግግሞሹ ከተገኘ በኋላ የሚሠራው ሥራ የመዝገቡን ባለቤት እጅ ያሳያል። ምንም አይሰረዝም። ከሁለቱ ኮዶች የሚቀረው ይመረጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ረጅም ታሪክ ያለው ነው። ያልተከፈሉ ደረሰኞችና ክፍት ትዕዛዞች ወደ እሱ ይዛወራሉ፤ ከመዛወሩ በፊትና በኋላ ድምሩ ይመሳከራል፣ በእኛ ምሳሌ 225,000 ከሆነ 225,000 መቅረት አለበት። ከዚያ የሚወድቀው ኮድ ለአዲስ ሥራ ይዘጋና ላዩ ላይ «በዚህ ኮድ ተተክቷል» የሚል አመልካች ይቀመጥበታል። የድሮ ደረሰኝ ይዞ የመጣ ሰው በዚያ ቁጥር ቢፈልግ ወደ ሕያው ኮዱ ይደርሳል። ውሕደቱ ስሕተት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የትኛው ደረሰኝ ከየት እንደመጣ ስለተጻፈ መልሶ መለየት ይቻላል።

አንድ ቦታ ላይ ይህ ሁሉ አይሠራም። በቶርኖ ቤት የሚቀረጽ ዘንግ የአምራች ቁጥር የለውም። ሁለት ቀራጮች ለአንድ ማሽን የሠሩት ሁለት ዘንግ በመዝገብ «ዘንግ፣ ብረት» ተብሎ ቢገባ የትኛውም ቁልፍ አያገናኘውም፣ አይለየውምም። በብዙ ግምጃ ቤት እንዲህ ያለው ዕቃ «ልዩ ልዩ» በሚባል ኮድ ሥር ይቀበራል፤ እኔ ይህን ኮድ ባየሁ ቁጥር ይደክመኛል። እዚህ ዘንጉ ኮድ የሚያገኘው የንድፍ ቁጥር ሲኖረው ነው። ንድፉን የሚሥለው የወርክሾፑ ኃላፊ ነው፤ ልኩ በተለወጠ ቁጥር ከቁጥሩ ኋላ ያለውን ፊደል ከA ወደ B ያሳድጋል፣ የመዝገቡ ባለቤትም የቆየው ዘንግ በአዲሱ ቦታ ይገባ እንደሆነ ጠይቃው፣ አይገባም ካለ ብቻ ሁለተኛ ኮድ ትከፍታለች።