የቅዳሜ ማታ ደብተር

ቅዳሜ ሠራተኛ ከተከፈለ በኋላ ቤት ሠሪውና እኔ ጠረጴዛ ላይ ደብተር ዘርግተን እንቀመጣለን። ፎርማን ሆኜ በቆየሁባቸው ዓመታት አብዛኛውን ጊዜ የሠራሁት ሙሉ ገንዘብ ይዘው ለሚጀምሩ ሰዎች ሳይሆን እቁብ ሲደርሳቸው፣ ከውጭ ሲላክላቸው ወይም ከብት ሲሸጡ እየጨመሩ ለሚሠሩ ነው። እንዲህ ያለ ቤት በግንበኛው እጅ ብቻ አይቆምም። የሚያቆመውም የሚያፈርሰውም የሳምንቱ ግዢ ነው።

ብዙ ሰው ገንዘብ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «በዚህ ምን ልግዛ?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቀው «ቀጥሎ የምንቆመው የት ላይ ነው?» የሚለውን ነው። በየደረጃው የሚሠራ ቤት መቆሚያ ቦታዎች አሉት። የድንጋይ መሠረቱ አልቆ ግሬድ ቢሙ ከተሞላ ቤቱ ዓመት ቢቆም ብዙ አይጎዳም። ግድግዳው ወጥቶ የላይኛው ቢም ከታሰረም እንዲሁ። የተቆፈረ ጉድጓድ ግን መቆሚያ አይሆንም፤ በተለይ እንደ ቢሾፍቱ ዙሪያ ባለ ጥቁር አፈር ላይ። ያ አፈር ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ክፍት ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ከገባ የተቆፈረው ሁሉ እንደገና ይቆፈራል። የተጀመረ ቢምም መቆሚያ አይደለም። ስለዚህ የሳምንቱን ግዢ የምጽፈው ከመጪው መቆሚያ ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ነው።

አንዱን ሥራ ላሳያችሁ። ቤቱ ቢሾፍቱ ነው፣ 8 በ9 ሜትር። የምታሠራው ቤሩት ሰው ቤት የምትሠራ እህት ናት፤ በየወሩ ትልካለች። እዚህ ያለው ታናሽ ወንድሟ ባጃጅ ይነዳል፤ እሱ ደግሞ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ያወጣል። የድንጋይ መሠረቱ አልቆ ነበር። ቀጣዩ መቆሚያ ግሬድ ቢሙ ነው፤ በቁመት ሦስት መስመር፣ በወርድም ሦስት መስመር፣ በድምሩ 51 ሜትር። ወርዱ 20፣ ከፍታው 30 ሳንቲሜትር ነው። ሲባዛ ከ3 ሜትር ኩብ ትንሽ ያልፋል፤ ከሚባክነው ጋር 3.2 ብዬ ያዝኩት።

ይህን ቁጥር ከያዝን በኋላ ዕቃውን በሁለት ከፈልኩት፤ ቢቆይ የማይበላሽና ቢቆይ የሚበላሽ። ብረትና ጠጠር ይቆያሉ። አሸዋ ይቆያል፣ ግን ጠባቂ ይፈልጋል። ሲሚንቶ አይቆይም። የፎርምወርክ ጣውላ ደግሞ የምንከራየው በቀን ስለሆነ እንደሚበላሽ ዕቃ ነው የምቆጥረው፤ ሥራ ሳይጀመርበት በዋለ ቁጥር ኪራዩን ይበላል።

የእህትየው ገንዘብ ትልቅ ስለሆነ ትልቁን ዕቃ እንዲገዛ አደረግን። በመጀመሪያው ሳምንት 24 በርጋ ባለ 14 ብረት ገዛን። ቢሙ አራት ብረት ይፈልጋል። 9 ሜትሩ መስመር ከነማጠፊያው 9.6 ሜትር ይወስዳል፣ 8 ሜትሩ 8.6። በርጋው 12 ሜትር ስለሆነ ለእያንዳንዱ አንድ በርጋ ይበቃል፣ መቀጠያም አይኖርም። ፌራዮው «በ20 በርጋ እየቀጠልኩ ላድርገው» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን እምቢ አልኩት። የሚተርፈው ባለ 2.4 እና ባለ 3.4 ሜትር ቁራጭ ወደፊት በበርና በመስኮት ራስ ላይ ለሚመጣው ቢም ይሆናል። ቁራጭ ተቆጥሮ በደብተር ካልተጻፈ ግን በነጋታው የቁርጥራጭ ብረት ገዢ ይወስደዋል። ስለዚህ ቆጥረን ጽፈን፣ እናታቸው ግቢ ውስጥ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ ደረደርነው። ብረት ስስ ቀይ ዝገት ቢይዝ አያስጨንቀኝም። በመዶሻ ሲመታ ቅርፊቱ የሚረግፍ ከሆነ ግን አልጠቀምበትም።

በሁለተኛው ሳምንት የወንድምየው ገንዘብ ለስታፋ የሚሆን ባለ 8 ብረትና 5 ኪሎ የማሰሪያ ሽቦ ገዛ። ስታፋው በየ20 ሳንቲሜትር ነው፤ ከነመንጠቆው አንዱ አንድ ሜትር ይወስዳል፣ ከአንድ በርጋ 12 ይወጣል። 23 በርጋ በቂ ነበር። ፌራዮው በትርፍ ሰዓቱ ስታፋ ማጠፍ ጀመረ። ይህ ገንዘብ የሌለበትን ሳምንት የሚሞላ ሥራ ነው፤ ሥራው ሳይቆም ወጪው ትንሽ ሆኖ ይሄዳል።

ሦስተኛው ሳምንት ጠጠር፣ አራተኛው አሸዋ ነበር። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በየደረጃው የሚሠራ ሰው ሳያውቀው ብዙ የሚያጣው አሸዋ ላይ ነውና። የመጣው አይሱዙ ነበር። ሹፌሩ 4.5 ሜትር ኩብ ነው አለ። ከመድፋቱ በፊት ሜትር ይዤ ሳጥኑ ላይ ወጣሁ። ርዝመቱ 3.9፣ ወርዱ 1.9፣ አሸዋው በአማካይ የደረሰበት ከፍታ 50 ሳንቲሜትር ነበር። ሲባዛ 3.7 ይሆናል። ሹፌሩን አልተቆጣሁትም፤ ሜትሩን አሳየሁትና በለካነው ልክ ተስማማን። ሌላም ነገር አለ። እርጥብ አሸዋ ያብጣል፤ ሲደርቅ ቦታው ይቀንሳል። ስለዚህ ዝናብ በዘነበበት ሳምንት የገዛችሁት አንድ መኪና ከደረቁ አንድ መኪና ያነሰ አሸዋ ነው።

ከዚያ አንድ እፍኝ አነሳሁና ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ እስከ ግማሹ ሞላሁት። ውሃና ትንሽ ጨው ጨምሬ በደንብ አንቀጠቀጥኩና አስቀመጥኩት። ሲረጋ አሸዋው ከታች፣ ጭቃው ከላይ ተለይቶ ይታያል። 10 ሳንቲሜትር አሸዋ ላይ የጭቃው ድርብ ከግማሽ ሳንቲሜትር ብዙ ካለፈ ለቢም አላስገባውም። ያ ጭቃ ሲሚንቶው አሸዋውን እንዳይዝ ያደርጋል፤ ቢሙ የደረቀ መስሎ በጥፍር ይፋቃል። የዚህኛው ጥሩ ነበር። ለቢሙ የሚያስፈልገው ከ2 ሜትር ኩብ አይበልጥም፤ የቀረው ለብሎኬት ግንብ ይቆያል። ላስቲክ አንጥፈን አስደፋነው፤ ዙሪያውን ድንጋይ ደረደርንበት። ጎርፍና ልጆች ከአንድ ክምር አሸዋ በወር ውስጥ ምን ያህል እንደሚወስዱ ያየ ሰው ይህን አይንቅም። የአውራጆችን ሂሳብም ከአሸዋው ዋጋ ጋር አንድ ላይ እጽፋለሁ። ያንን ያልጻፈ ሰው ቅዳሜ ደመወዝ ይጎድለዋል።

አምስተኛው ሳምንት የሲሚንቶ ሳምንት ነበር፤ የእህትየው ገንዘብ ግን አልመጣም። ወንድምየው ተጨንቆ «ጋሼ፣ ያለችኝን ይዤ ግማሹን ሲሚንቶ ልግዛ፤ ዋጋው እየጨመረ ነው» አለኝ። ከለከልኩት። ምክንያቴ ከራሴ ጥፋት የመጣ ነው። ከዓመታት በፊት ዋጋ ይጨምራል ተብሎ ለአንድ ሰው በግንቦት 20 ኩንታል፣ ማለትም 40 ከረጢት፣ አስገዝቼ ነበር። በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ግድግዳ አስደግፌ ሲሚንቶ ወለል ላይ ደረደርኩት። መስከረም ላይ ስንከፍተው ከታች ያሉት ድንጋይ ሆነዋል፤ የላይኞቹም ቋጠሮ ይዘዋል። ቋጠሮው በጣት ሲጨመቅ ዱቄት ከሆነ ለልስን ይሆናል፤ ካልተፈጨ አይሆንም። ሲሚንቶ ደህና ተይዞ እንኳ በሦስት ወር ውስጥ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ሊያጣ ይችላል። ዋጋ ቢጨምር የሚያሳጣን ብዙ ጊዜ ከዚያ ያነሰ ነው።

ግማሹን መግዛትም አይሆንም። ቢም በአንድ ቀን ነው የሚሞላው። በግማሽ ቀን ሲሚንቶ ቢያልቅ፣ የደረቀው ላይ በማግስቱ የሚጨመረው አርማታ አይዋሃድም፤ በመካከሉ ስንጥቅ ይቀራል። የግድ ከሆነ የሚቆመው ከሁለት ኮለኖች መካከል ባለው ርቀት መሃል አካባቢ ላይ ነው፤ ኮለኑ ጥግ ፈጽሞ አይሆንም። አንድ ጊዜ እሁድ ቀን ሦስት ከረጢት ጎድሎን፣ ሱቁ ሁሉ ዝግ ሆኖ ኮለኑ ጥግ ላይ ለማቆም ተገድጄ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግድግዳው ላይ ስንጥቁ ልክ እዚያው ቦታ ወጣ።

ስለዚህ ጠበቅን። ጣውላ አልተከራየንም፣ ሚክሰር አልያዝንም። በዚያ ሳምንት የጠፋብን ገንዘብ አልነበረም፤ ስታፋው ብቻ ታጥፎ አለቀ። በስድስተኛው ሳምንት ሰኞ ብሩ ገባ። ሐሙስ ለመሙላት ስናስብ ግንበኞቹ 21 ማርያም ናት አሉኝ። ወደ አርብ አዛወርነው። ጣውላው ማክሰኞ መጣ፤ ብረቱ ረቡዕ ታስሮ አለቀ። ሐሙስ ከሰዓት 12 ኩንታል ሲሚንቶ ከእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ አንድ ክንድ ራቅ አድርገን አሳደርን። እጄን ወደ አንዱ ከረጢት አስገባሁ፤ ቀዝቃዛና እንደ ዱቄት የለሰለሰ ነበር። ውሃም እንደ ዕቃ ነው የምቆጥረው፤ ፈረቃው አርብ እንደማይደርሰን አውቀን አምስት በርሜል ቀድመን ሞልተናል። ለማቡኪያው ሦስት በርሜል ያህል ይበቃል፤ ሁለቱ ቅዳሜ ማጠጣት እንድንጀምር ነው።

ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሁለት ሳጥን አሸዋና ሦስት ሳጥን ጠጠር አደረግን። ሳጥኑ 50 በ40 በ20 ነው። ደብተሩ 23 ከረጢት ይላል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምረን 9 ሰዓት ላይ ጨረስን፤ ከ24ቱ አንድ ከረጢት ተረፈ። ቅዳሜ ማታ ያንን ከረጢት፣ ቁራጭ ብረቶቹንና የቀረውን አሸዋ በደብተሩ አዲስ ገጽ ላይ ጻፍን። ሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ማጠጣት የወንድምየው ሥራ ነው። ቀጣዩ መቆሚያ ግድግዳው ነው፤ ለአንድ ካሬ ሜትር 13 ብሎኬት።