ከወጉ ጋር የሚከራከር ሰው አለ?

አርብ ገበያ ላይ የትርጉም ልብ ወለድ የሚሻ አንባቢ ሰፊ ምርጫ የለውም። መጽሐፉ የሚደርሰን ከደብረ ታቦር ወይም ከባሕር ዳር በሚመለስ ሰው እጅ ነው። ስለዚህ ሥነ ጽሑፍ ለማስተምራቸው ልጆች መጽሐፍ ስመርጥ፣ የያዝሁት መጽሐፍ የማንን ኑሮ በእውነት እንደሚያሳይ ለይቼ ማወቅ ግዴታዬ ነው።

መጀመሪያ የማየው የውስጥ ገጹን ነው። “ትርጉም” ይላል ወይስ “ውርስ ትርጉም”? ውርስ ትርጉም ታሪኩን ወስዶ ሰዎቹንና አገሩን ወደ እኛ ያመጣል። ለጨዋታው ግሩም ሊሆን ይችላል፤ የባዕዱን አገር ወግ ለሚፈልግ ግን አይረዳም። ከየትኛው ቋንቋ እንደተመለሰም አያለሁ። የሩሲያና የፈረንሳይ ታሪክ በእንግሊዝኛ በኩል የመጣ ከሆነ፣ በሁለት ሰዎች እጅ አልፏልና የአነጋገሩን ለዛ በጥንቃቄ እቀበለዋለሁ።

ዋናውን መለኪያ ያገኘሁት ግን ስለ ራሳችን ከተጻፈ መጽሐፍ ነው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 “ራስላስ”ን አሳተመ፤ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። የታሪኩ መነሻ አማራ ነው፤ ልዑሉ በተራራ በተከበበ ሸለቆ ተዘግቶ ይኖራል። ጆንሰን ኢትዮጵያን አላያትም፤ የሚያውቃት ራሱ ወደ እንግሊዝኛ ከመለሰው ከፖርቱጋላዊው ሎቦ የጉዞ ታሪክ ነበር። መጽሐፉ ስለ ደስታ ፍለጋ ጥልቅ ነገር ይናገራል። የጋይንት ልጅ ሲያነበው ግን ጾሙን፣ ርስቱን፣ የዝምድናውን ጣጣ ያጣዋል። ሰዎቹ የሚከራከሩት የሰው ልጅ ሁሉ ስለሚከራከርበት ጉዳይ ነው፤ በአማራ ወግ የተጨነቀ አንድም ሰው የለም።

አሁን በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን “ፍቅር እስከ መቃብር” አጠገቡ አስቀምጡት። በዛብህ ወላጆቹ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት ልጅ ነው፤ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ ወጉ ከውስጡ ይፋጀዋል። ፊታውራሪ መሸሻ በዘራቸው ይኮራሉ፤ የገዛ ዘመዳቸው ካሣ ደግሞ ያንኑ ሥርዓት ስለሚነቅፍ “ጉዱ ካሣ” ተብሏል። አንድ ወግ ነው፤ አንዱ ይጠብቀዋል፣ አንዱ ይሰቃይበታል፣ አንዱ ይሟገተዋል። ጎጃምን የማያውቅ የውጭ አገር ሰው መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ትርጉሙ ቢያነበው፣ የጎጃም ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ብሎ ሊዘጋው አይችልም።

መለኪያዬ ይኸው ነው፦ በመጽሐፉ ውስጥ ከገዛ ወጉ ጋር፣ ስለ ራሱ ሲል የሚከራከር ሰው አለ? ይህን የምጠይቀው ስለ መጽሐፉ ባጠቃላይ አይደለም፤ በውስጡ ስላለው ስለ እያንዳንዱ ወገን ለየብቻ እጠይቃለሁ።

“ነገም ሌላ ቀን ነው”ን በዚህ እንፈትነው። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ የተረጎመው፣ አንባቢ እስከ ዛሬ የሚወደው ሥራ ነው። ማርጋሬት ሚቼል ዋናውን ያሳተመችው እ.ኤ.አ. በ1936 ሲሆን፣ ታሪኩ የአሜሪካ እርስ በርስ ጦርነት የጆርጂያን ባለ እርሻዎች ኑሮ እንዴት እንዳፈረሰው ያሳያል። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ስካርሌት ባሏ ሞቶ የሐዘን ልብስ ለብሳ ሳለ ሰው ፊት ትጨፍራለች፤ በኋላም ሴት አይገባትም በተባለው በእንጨት መሰንጠቂያ ሥራ ትነግዳለች። አገሬው ያማታል፤ እሷም መልስ አላት። ስለ ነጮቹ ባለ እርሻዎች መጽሐፉ ፈተናውን ያልፋል።

ባሪያ ሆና ያሳደገቻት ማሚ ጋ ስንደርስ ነገሩ ይለወጣል። ማሚ ዝምተኛ አይደለችም፤ ስካርሌትን ትቆጣለች፣ ትገሥጻለች። የምትቆጣው ግን የጌቶቿ ወግ እንዳይጓደል ነው። ከሞግዚትነቷ የወጣ ሌላ ስም እንኳ አልተሰጣትም። ነፃነት ታውጆ ሳለ እዚያው ትቀራለች፤ ለራሷ ምን ትመኝ እንደነበር አንባቢ አይነገረውም። ተቆጪነቷ አንባቢን ያታልላል፤ “ስለ ማን ስትል?” ተብሎ ሲጠየቅ ነው ጉድለቱ የሚታየው። በዚያ መጽሐፍ መልካም ተብለው የቀረቡት ጥቁሮች ከጌቶቻቸው ያልተለዩት ናቸው፤ ነፃነታቸውን ይዘው የሄዱት ብዙውን ጊዜ እንደ ስጋት ይታያሉ።

ይህ የደራሲዋ ዓይን ነው፤ ተርጓሚው የሌለውን ሊጨምርበት አይገባም። ስለዚህ መጽሐፉን ከልጆቹ እጅ አልነጥቅም፤ የተሸነፉ ባለ እርሻዎች ራሳቸውን ያዩበት መጽሐፍ ነው ብዬ እሰጣቸዋለሁ። ስለ ጥቁሮቹ ኑሮ ለሚጠይቀኝ፣ እንግሊዝኛ ማንበብ ከቻለ፣ የቶኒ ሞሪሰንን “ቢላቭድ” እጠቁመዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ ነው፤ በእሱ ውስጥ ከባርነት ያመለጠች እናት ልጇ ወደ ባርነት ከምትመለስ ብላ በገዛ እጇ ትገድላታለች። የገዛ ወገኖቿም በዚህ ይርቋታል። አንዲት ጥቁር ሴት በዚያ ዘመን ምን ፈልጋ፣ ምን ፈርታ፣ ከማን ጋር ተጣልታ እንደኖረች አንባቢው የሚያገኘው በዚያ ነው።