«ማንበብና መጻፍ ይችላሉ?»፦ በአንድ ጣምራ ጥያቄ ላይ የቀረበ ሂስ

በሕዝብ ቆጠራና በቋንቋ ጥናት መጠይቆች ውስጥ «ማንበብና መጻፍ ይችላሉ?» የሚለውን ጥያቄ ያህል የተለመደ፣ ያንኑም ያህል ሳይመረመር የታለፈ ጥያቄ ጥቂት ነው። የአነጋገሩ ምንጭ ይታወቃል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣው ብያኔ መሠረት ፊደል የቆጠረ የሚባለው ስለ ዕለት ኑሮው የሚናገር አጭርና ቀላል ዐረፍተ ነገር እየተረዳ ማንበብም መጻፍም የሚችል ሰው ነው። ብያኔው ሁለት ችሎታዎችን ማጣመሩ ስሕተት አይደለም። ስሕተቱ የመጣው ብያኔው እንዳለ ወደ ጥያቄነት ሲለወጥ ነው። ብያኔ የተመራማሪው መሣሪያ ነው፤ ጥያቄ ግን በተጠያቂው ጆሮ የሚሰማ ንግግር በመሆኑ በቋንቋው ሕግ ይገዛል።

ሁለት ችሎታዎች አራት ሁኔታዎችን ይወልዳሉ፦ ሁለቱንም መቻል፣ ማንበብ ብቻ መቻል፣ መጻፍ ብቻ መቻል፣ ሁለቱንም አለመቻል። መጠይቁ የሚሰጠው ግን ሁለት ሣጥን ብቻ ነው። «አዎ» የመጀመሪያውን ሁኔታ ሲይዝ፣ የቀሩት ሦስቱ «አይ» በሚለው ውስጥ ተደባልቀው ይቀመጣሉ። ይህም ተጠያቂው ጥያቄውን ተመራማሪው ባሰበው መንገድ ከተረዳው ነው። ማንበብ ብቻ የሚችለው ሰው ግን የሚቀርበት ሣጥን አያገኝም። አንዱ የሚችለውን አስቦ «አዎ» ይላል፤ ሌላው የጎደለውን አስቦ «አይ» ይላል። ሁለቱ በችሎታ እኩል ሆነው ሳለ በሰንጠረዡ ላይ ለየብቻ ይቆጠራሉ።

የአማርኛው ሰዋስው ችግሩን ያብሰዋል። «ማንበብና መጻፍ አልችልም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሁለት ትርጓሜ አለው፤ አሉታው ጥምሩን በሙሉ ሊነካ ወይም እያንዳንዱን ለየብቻ ሊነካ ይችላል። ተናጋሪው ሁለቱንም እንደማይችል መግለጽ ሲፈልግ «ማንበብም መጻፍም አልችልም» ብሎ «-ም»ን ይደግማል። መጠይቁ «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ ስለሚቀበል ግን ይህን ልዩነት የሚያሳየው ምልክት ከመዝገቡ ይወድቃል። በተጨማሪም «ማንበብና መጻፍ» በዘመናዊው አማርኛ እንደ አንድ ቃል የተቋጠረ ሐረግ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1979 የተጀመረውና ኋላ ወደ 15 ቋንቋዎች የሰፋው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐረጉን በብዙ ቤት አስገብቶታል። ስለዚህ አንዳንዱ ተጠያቂ የሚመልሰው ዛሬ ስላለው ችሎታ ሳይሆን፣ ቀድሞ ከመሠረተ ትምህርት ስለ መመረቁ ሊሆን ይችላል። በአረብኛውም «አል-ቂራአ ወል-ኪታባ» የሚለው ጥምር እንዲሁ የተቋጠረ ነው።

በካርቱም ይህ ጉዳይ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ከ2023ቱ ጦርነት በፊት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በብዛት ይኖሩባቸው ከነበሩት እንደ ዴም ካሉ ሰፈሮች በአንዱ አራት ሰዎች ይህን ጥያቄ ሲጠየቁ ይታሰብ። የመጀመሪያዋ በልጅነቷ የፊደል ገበታ ቆጥራ ጸሎት መጽሐፍ ታነባለች፤ ብዕር ግን ይዛ አታውቅም። በቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ንባብ የሁሉ መጀመሪያ ሲሆን፣ የቁም ጽሕፈት ራሱን የቻለ ሙያ ነውና ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሁለተኛው ዳዊት ደግሟል፤ ነገር ግን የሚደግመው በቃሉ ነው፤ አዲስ ጽሑፍ ቢሰጡት ይቸገራል። ሦስተኛው በኸልዋ በሰሌዳ ላይ የቁርኣን አንቀጽ እየጻፈ ያደገ ነው፤ መገልበጥ ይችላል፣ የራሱን ደብዳቤ መጻፍ ግን አይችልም። አራተኛዋ አማርኛ ታነባለች፣ ትጽፋለችም፤ የአረብኛ ፊደል ግን ስለማታውቅ በመንገዱና በመሥሪያ ቤቱ እንዳልተማረች ትቆጠራለች። ለአራቱም የቀረበው ጥያቄ አንድ ነው፤ ከመልሶቻቸው ግን የትኛው ስለ ምን እንደ ተመለሰ ማወቅ አይቻልም።

ጥያቄው ጣምራ መሆኑን ተጠያቂዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ። «ማንበቡንስ እችላለሁ» የሚል መልስ ሲመጣ፣ ማነጻጸሪያዋ «-ስ» ተጠያቂው ጥያቄውን በአፉ እየከፈለው መሆኑን ትመሰክራለች። ከመልስ በፊት የሚመጣ ዝምታ፣ «በምን ቋንቋ?» የሚል መልሶ መጠየቅ፣ ጠያቂው በኅዳግ ላይ የሚጽፈው ማስታወሻ ሌሎች ምልክቶች ናቸው። የሙከራ ቃለ ምልልሶች በድምፅ ከተቀረጹ እነዚህን መቁጠር ይቻላል። ሣጥኖቹን ብቻ የሚያይ ተመራማሪ ግን ምንም አያይም፤ ሰንጠረዡ ንጹሕ መስሎ ይወጣልና።

መፍትሔው «-ና» ባለበት ሁሉ መቁረጥ አይደለም። መለያው ጥያቄ አንድ ነው፦ በሚጠናው ሕዝብ ውስጥ ለሁለቱ ክፍሎች የተለያየ መልስ የሚኖረው ሰው አለ ወይ? «ሻይና ቡና የት ይጠጣሉ?» የሚለው፣ ጥናቱ ስለ መገናኛ ቦታ ከሆነ፣ ሳይከፈል ሊያልፍ ይችላል። «ማንበብና መጻፍ» ግን ከላይ እንደታየው መከፈል አለበት። ደግሞም ጥምረት ሁልጊዜ በ«-ና» አይገለጥም። «በማናቸውም ቋንቋ» የሚለው ተጨማሪ ሐረግ ቋንቋንና ፊደልን በስውር ያጣምራል።

የተከፈለው መጠይቅ እንዲህ ሊሆን ይችላል። አንደኛ፦ «በፊደል የተጻፈ አማርኛ ያነባሉ?»፤ ቀጥሎ ከጸሎት መጽሐፍ ያልተወሰደ አጭር ዐረፍተ ነገር በካርድ ይቀርብና፣ ሁሉን አነበበ፣ ከፊሉን አነበበ፣ ምንም አላነበበም ተብሎ ይመዘገባል። ሁለተኛ፦ «የሚነገርዎትን ቃል መጻፍ ይችላሉ?»፤ ቀጥሎ አጭር ቃለ ጽሕፈት ይሰጣል። ስም መፈረምና ከሰሌዳ መገልበጥ ከዚህ ጋር እንዳይቀላቀሉ ለየብቻ ይጠየቃሉ። ከዚያ ሁለቱ ጥያቄዎች ለአረብኛ ይደገማሉ። ማንበብ አልችልም ያለው ሰው የመጻፉን ጥያቄ እንዲዘል ማድረግ አይገባም፤ ሦስተኛውን ሰው የሚያስቀረው ይህ መዝለል ነው።

በካርድ ማስነበብ አዲስ ነገር አይደለም፤ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ከፍ ያለ ትምህርት ያልተማሩትን በዚህ መንገድ ይፈትናሉ። ሆኖም የሚፈትኑት ንባብን ብቻ ነው። ስለዚህ ውጤታቸውን ከቆጠራው «ማንበብና መጻፍ» ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም መጥራት ይሆናል።

መክፈል ዋጋ ያስከፍላል። አንዱ ጥያቄ አራት ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ቃለ ምልልሱ ይረዝማል፤ ፈተናው ተጠያቂውን ሊያሳፍርም ይችላል። ከሁሉ የከበደው ግን ከቀድሞ መረጃ ጋር ያለው ትስስር ነው። ሁለቱንም የቻለውን «አዎ» ብሎ ጥምሩን መልሶ ማስላት ቢቻልም፣ ማንበብ ብቻ የሚችሉ ሰዎች በጣምራው ጥያቄ ጊዜ «አዎ» ብለው ስለሚሆን የሁለቱ ድምር እኩል አይመጣም። ልዩነቱን ለመለካት ናሙናው በዕጣ ለሁለት ተከፍሎ፣ ለግማሹ አሮጌው፣ ለግማሹ አዲሱ መጠይቅ መቅረብ ይኖርበታል። ይህ ካልተደረገ፣ በሁለት ቆጠራዎች መካከል የታየው ለውጥ የሕዝቡ ይሁን የጥያቄው አይለይም። ጸሎት መጽሐፏን እያነበበች «አይ» ተብላ የተመዘገበችው ሴትም በአንዱ ቆጠራ ያልተማረች፣ በሌላው ደግሞ አዲስ የተማረች ሆና ትቀርባለች፤ በእርሷ ዘንድ ግን የተለወጠ ነገር የለም።