ጠፍጣፋው ሽብልቅ ያልነገረን

ስለ ዘይት ሽብልቅ የሚያስተምሩ መጻሕፍት ከሞላ ጎደል ሁሉም አንድ ሥዕል ይዘዋል። ከላይ ጥቂት ያዘነበለ ቀጥ ያለ ፓድ አለ፤ ከታች የሚንሸራተት ጠፍጣፋ ገጽ፤ በመካከላቸው ደግሞ ወደ መውጫው እየጠበበ የሚሄድ ስስ ዘይት። ሥዕሉ እውነት ነው፤ የተሰጠው ክብር ግን ከሚገባው ያለፈ ይመስለኛል። ይህን ብቻ ተምሮ የወጣ መሐንዲስ በመርከብና በኃይል ማመንጫ ውስጥ የሚያገኘውን፣ ከመሐሉ ተደግፎ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ የሚሠራውን ኩሽኔታ ሊያብራራ አይችልም። በሥዕሉ ሕግ ከሄድን ያ ኩሽኔታ አንዲት ኪሎ እንኳ መሸከም አልነበረበትም።

የታሪኩ አነጋገርም እንዲሁ ያዳላል። በ1883 ቢውቻምፕ ቶወር በባቡር አክስል ኩሽኔታ ላይ የበሳውን ቀዳዳ የወተፈበት እንጨት በዘይቱ ግፊት ተፈናጥሮ መውጣቱን ያልሰማ የዘርፉ ተማሪ የለም። ለእኔ ግን የበለጠ የሚናገረው በ1885 በወጣው ሁለተኛ ሪፖርቱ ያቀረበው የግፊት ካርታ ነው። ቶወር በኩሽኔታው ገጽ ላይ በየቦታው የለካውን ግፊት ደምሮ 7,988 ፓውንድ አገኘ፤ በኩሽኔታው ላይ የጫነው 8,008 ፓውንድ ነበር። የተፈናጠረው ውታፍ ዘይቱ ግፊት እንዳለው ብቻ ነገረን። ካርታው ግን ጭነቱን ሙሉ በሙሉ የተሸከመው ዘይቱ መሆኑን፣ ብረት ብረትን እንዳልነካ አሳየ። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ልኬት በውታፍ ታሪክ ጥላ ሥር መቅረቱ ያሳዝናል።

ግፊቱ ከየት እንደሚመጣ ኦስቦርን ሬይኖልድስ በ1886 መለሰ። የመልሱን ውበት በቁጥር እንየው። ርዝመቱ 100 ሚሊሜትር የሆነ ፓድ እንውሰድ። ዘይቱ የሚገባበት ክፍተት 66 ማይክሮን፣ የሚወጣበት 30 ማይክሮን ይሁን፤ መግቢያው የፀጉር ውፍረት ያህል ነው። የታችኛው ገጽ በሰከንድ 5 ሜትር ይሮጣል። ዘይቱ ከሚሮጠው ገጽ ጋር ተጣብቆ ይጎተታል፤ ከላይ ደግሞ ከቆመው ፓድ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ስለዚህ ፍጥነቱ ከታች ወደ ላይ በቀጥታ መስመር ቢቀንስ ኖሮ፣ በመግቢያው በኩል የሚጎተተው ዘይት በመውጫው በኩል ከሚጎተተው ከእጥፍ በላይ ይሆን ነበር። የገባው ዘይት ግን የሚከማችበት ቦታ የለም። ይህን ልዩነት የሚያስተካክለው ግፊት ነው። በመካከል የተፈጠረው ግፊት በመግቢያው በኩል የሚመጣውን ዘይት ወደ ኋላ እየገፋ ይቀንሰዋል፤ በመውጫው በኩል ደግሞ ወደ ፊት እየገፋ ያበዛዋል። ግፊቱ ከፍተኛ የሚሆነው ክፍተቱ 41 ማይክሮን ያህል በሆነበት ቦታ ነው፤ ይህም ከመግቢያው 69 ሚሊሜትር ላይ ይውላል። የፍጥነቱ መስመር በትክክል ቀጥ የሚለው እዚያ ብቻ ነው።

የዘይቱ ዝልግልግነት 0.03 ፓስካል ሰከንድ ከሆነና ዘይት በጎን አያመልጥም ካልን፣ ከፓዱ ስፋት እያንዳንዱ 100 ሚሊሜትር 2.7 ቶን ያህል ይሸከማል። ቁጥሩ ያስደንቃል፤ ግን እውነተኛ ፓድ ጎን አለው። ርዝመቱና ስፋቱ እኩል በሆነ ፓድ ላይ ዘይቱ በሁለቱ ጎኖች ስለሚያመልጥ ሸክሙ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ይህን የጎን ፍሳሽ በ1905 አስልቶ ያሳየው አውስትራሊያዊው አንቶኒ ሚቸል ነው፤ ፓዱ እንደ ጭነቱ ራሱ እንዲያዘነብል በአንድ ነጥብ ላይ የመደገፍን ሐሳብም በዚያው ዓመት በፓተንት አስመዘገበ። አሜሪካዊው አልበርት ኪንግስበሪ በራሱ መንገድ እዚያው ደረሰ። በ1912 በፔንስልቬንያ፣ በሳስኩዌሃና ወንዝ ላይ ባለው የሆልትዉድ ኃይል ማመንጫ የተገጠመው ኩሽኔታው፣ በደቂቃ 94 ጊዜ የሚዞርና 184 ቶን ያህል የሚመዝን ሸክም ተረከበ። ከእሱ በፊት የነበሩት ባለ ሮለር ኩሽኔታዎች በጥቂት ወራት ያልቁ ነበር።

ዋናው ችግር የሚነሣው ከድጋፉ ነጥብ ነው። ባለፈው ምሳሌያችን የግፊቱ ሚዛን የሚያርፈው ከመግቢያው 58 ሚሊሜትር ገደማ ላይ፣ ማለትም ከመሐል ወደ መውጫው ጠጋ ብሎ ነው። ፓዱ እዚያ ከተደገፈ ሽብልቁን ጠብቆ ይቆያል። ነገር ግን መርከብ ወደ ኋላም ይሄዳል፤ ዘንጉ አቅጣጫ ሲለውጥ መግቢያና መውጫ ይለዋወጣሉ፤ ስለዚህ ድጋፉ መሐል ላይ መሆን አለበት። ጠጣርና ጠፍጣፋ በሆነ ፓድ፣ ዝልግልግነቱ በማይለወጥ ዘይት፣ የግፊቱ ሚዛን መቼም መሐል ላይ አያርፍም። የተፈጠረ ሽብልቅ ሁሉ ፓዱን ያዞረዋል፤ መዞሩ የሚቆመው ሁለቱ ገጾች ትይዩ ሲሆኑ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሽብልቅም ግፊትም አይኖርም። ሆኖም መሐል ለመሐል የተደገፉ ፓዶች በሺህ የሚቆጠሩ ዘንጎችን ተሸክመው ይኖራሉ።

ምክንያቱ ፓዱ ጠፍጣፋ ሆኖ አለመቅረቱ ነው። ዘይቱን የሚነካው ገጽ ከጀርባው ይሞቃል፤ ስለዚህ ይበልጥ ይለጠጥና ፓዱ ወደ ዘይቱ ይጎብጣል። የዘይቱ ግፊትም ከድጋፉ ርቀው ያሉትን ጫፎች ወደ ኋላ ስለሚገፋ ጉብታውን ይጨምረዋል። የጎበጠ ፓድ መግቢያው ጥሩ ሽብልቅ ነው፤ ከጠባቡ ቦታ በኋላ ክፍተቱ መልሶ ሲሰፋ ግፊቱ ቶሎ ይወርዳል። በዚህ የተነሣ የግፊቱ ሚዛን ወደ መግቢያው ይመለስና በመሐሉ ድጋፍ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ዘይቱ እየሞቀ መቅጠኑም ግፊቱን ወደዚያው ይስበዋል። ሬይሞንዲና ቦይድ በ1955 ይህን የገጽ ቅርጽ ጉዳይ ለይተው ሲያጠኑ፣ የዘይቱን ንብር ውፍረት ያህል የሆነች ትንሽ ጉብታ መሐል የተደገፈውን ፓድ በሚገባ እንደምታሸክመው አሳዩ። መጠኑም ሩቅ አይደለም። ውፍረቱ 30 ሚሊሜትር የሆነ የብረት ፓድ፣ ፊቱ ከጀርባው በ20 ዲግሪ ቢሞቅ፣ በ100 ሚሊሜትር ርዝመቱ 10 ማይክሮን ያህል ይጎብጣል። ዲዛይነሩ ያልሳለውን ቅርጽ ሙቀቱ ራሱ ሠራለት ማለት ነው።

ጠፍጣፋውን ሥዕል የምከሰው እዚህ ላይ ነው። መነሻ ከመሆን አልፎ መድረሻ ሲደረግ፣ ጉብታው የስሌት ስህተት ወይም የአሠራር ጉድለት መስሎ ይታያል፤ በእውነቱ ግን የመሐሉን ድጋፍ የሚያስችለው እሱ ነው። ሥዕሉ ሊነግረን ያልቻለው ወሰንም አለ። ጉብታው በርዝመቱ ካሬ ልክ ያድጋል። ርዝመቱ 500፣ ውፍረቱ 100 ሚሊሜትር የሆነ ትልቅ ፓድ በዚያው የ20 ዲግሪ ልዩነት 75 ማይክሮን ይጎብጣል፤ ይህ ከዘይቱ ንብር ይበልጣል። ያኔ ጭነቱ መሐሉ ላይ ባለች ጠባብ ቦታ ይከማችና ዘይቱ እዚያ ይሳሳል። የትልልቅ ተርባይን ኩሽኔታ ሠሪዎች ፓዱን በአንድ ነጥብ ፈንታ በብዙ ምንጮች ላይ የሚያስቀምጡት አንድም ለዚህ ነው፤ ብዙ ነጥብ ጉብታውን ይቆጣጠራል።

ጉብታ በዝቶ እንደሆነ ፓዱ ሲወጣ በዓይን ይለያል። ባቢቱ፣ ማለትም ፊቱን የለበሰው ለስላሳ ቅይጥ ብረት፣ መሐሉ ላይ አብረቅርቆና ተጎትቶ ሳለ ጫፎቹ የመጀመሪያውን የመፋቂያ ምልክት እንደያዙ ይገኛሉ። ገጹ በሙሉ በእኩል ከተፋቀ ግን ጥርጣሬው ወደ ማስነሻው ጊዜ ይዞራል፤ ፍጥነት በሌለበት ሽብልቅ ግፊት አይወልድም፤ ትልልቅ ማሽኖችም ዘንጉ ከመዞሩ በፊት ዘይቱን በፓምፕ ከፓዱ ሥር የሚያስገቡት ለዚህ ነው። በሥራ ላይ ሳለ የሚታመነው ምልክት ሙቀት ነው። መለኪያው ባቢቱ አጠገብ፣ ከመግቢያው በርዝመቱ ሦስት አራተኛ ላይ፣ ከውስጠኛው ጫፍም በስፋቱ ሦስት አራተኛ ላይ ይቀበራል፤ ዘይቱ የሚሳሳውና የሚግለው እዚያ አካባቢ ስለሆነ። አቅጣጫው በሚለዋወጥ ዘንግ ላይ ግን ያ ቦታ በመልሱ ጉዞ ወደ መግቢያው በኩል ስለሚቀር፣ በፓዱ በሁለቱም ጫፍ መለኪያ ያልቀበረ ሰው ግማሹን ጊዜ የሚያነበው የቀዝቃዛውን ጎን ሙቀት ነው።